የቴሌግራም አካውንት ሲጠለፍ መልእክቶቹ የት ይሄዳሉ?

ቴሌግራሙ ሃክ የተደረገበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አካውንቴን እንዴት ላስመልሰው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። አካውንት ተመልሶ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስልክ ቁጥሩ ያው ነው፤ የዓመታት መልእክት፣ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝና ቻናል ግን የለም። በጣም የሚያስቆጨኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ሁሉ ያጠፋው ጠላፊው አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ራሱ ተደናግጦ የነካት አንዲት ቁልፍ ናት ያጠፋችው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው በዋናነት ስለ መልእክቶቹ ነው፤ የት እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚተርፉና መቼ ተስፋ እንደሚቆረጥባቸው።

ቴሌግራም ላይ የምንጻጻፈው ተራ መልእክት ዋናው ቤቱ ስልካችን አይደለም። የቴሌግራም ሰርቨር ነው። ስልኩ የሚያሳየን ቅጂውን ነው። ስልካችሁ ተሰርቆ በአዲስ ስልክ ስትገቡ ሁሉም ነገር እንዳለ የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የተሰረዘ ነገር ከሁሉም ስልክ ላይ አብሮ መሰረዙ ነው። ቴሌግራም ከግል ቻት የተሰረዘ መልእክት ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ የለውም። ፌስቡክ ላይ አካውንቱን ያጠፋ ሰው ሐሳቡን ለመቀየር 30 ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ልማድ ወደ ቴሌግራም የሚመጣ ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱም እዚህ አካውንት አንዴ ከጠፋ መመለሻ የለውም። በዚያው ቁጥር ስትገቡ የሚከፈትላችሁ አዲስ አካውንት ነው። Secret Chat የሚባለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሱ የሚኖረው ስልኩ ላይ ብቻ ስለሆነ ከአካውንታችሁ ከወጣችሁ አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መርካቶ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት እንበል። አዲስ ዕቃ ሲገባ ቻናሏ ላይ ትለጥፋለች። ደንበኞቿ በውስጥ መስመር ይጽፉላታል፤ የከፈሉበትን የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሾትም እዚያው ይልካሉ። ዱቤ ማን ላይ እንዳለ የምታውቀው ቻቱን ወደ ላይ ስባ አይታ ነው። አንድ ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይ ከአክስቷ ልጅ አካውንት መልእክት ይመጣላታል። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በእናትሽ በዚህ ሊንክ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል። ሊንኩን ትነካለች። ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ይከፈትና ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃታል። ኮዱን ታስገባለች። የአክስቷ ልጅ አካውንት ቀድሞ ተጠልፎ ነበር። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጠላፊው ገባ ማለት እሷን አስወጣት ማለት አይደለም። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድመው የገቡትን መሣሪያዎች እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ስለዚህ ከዚያ ማታ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ ማታ 3 ሰዓት ድረስ የበላይዋ እሷ ናት። ጠላፊው እሷን ማስወጣት አይችልም፤ እሷ ግን እሱን በአንድ ንክኪ ማስወጣት ትችላለች።

ታዲያ በዚህ ሰዓት የሚደረገው ትልቁ ጥፋት ምን መሰላችሁ? አፑን ማጥፋት። «ሃክ ተደርጌያለሁ» ብላ የደነገጠች ሰው፣ አፑን ከስልኳ አጥፍታ እንደገና ትጭናለች። ወይም ሎግ አውት ትላለች። እንዲህ ስታደርግ የነበራትን ቀዳሚነት በገዛ እጇ ጣለችው ማለት ነው። መልሳ ስትገባ አዲስ መሣሪያ ተብላ የምትቆጠረው እሷ ናት፤ ቀድሞ የገባው ደግሞ ጠላፊው ይሆናል። በዚያ ላይ የመግቢያ ኮዱ አስቀድሞ የሚላከው በኤስኤምኤስ ሳይሆን አካውንቱ ክፍት ወደሆነበት የቴሌግራም አፕ ነው። አካውንቱ ክፍት የሆነው አሁን ጠላፊው ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አፑ ስልኩ ላይ ክፍት ከሆነ አትንኩት። ቀጥታ Settings ውስጥ ገብታችሁ Devices የሚለውን ክፈቱ።

እዚያ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች በሙሉ ተዘርዝረዋል። የስልኩ ዓይነት፣ አገሩና የመጨረሻው ሰዓት ይታያል። ቴሌግራም አዲስ መግቢያ ሲኖር መልእክት ይልካል፤ ጠላፊዎች ግን ገና እንደገቡ ያንን መልእክት ያጠፉታል። ስለዚህ «ማስጠንቀቂያ አልመጣልኝም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የሚታመነው ዝርዝሩ ነው። Terminate All Other Sessions የሚለውን ስትነኩ ከያዛችሁት ስልክ በስተቀር ሁሉም ይወጣሉ።

ባለሱቋ ይህን በማግስቱ ጠዋት አደረገች እንበል። ጠላፊው ወጣ። ግን ሌሊቱን ዝም ብሎ አላደረም። አንደኛ፣ ለደንበኞቿ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር፣ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ጽፏል። ሁለተኛ፣ ሲገባ ከኮዱ ቀጥሎ የሚጠየቅ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ፓስዎርድ አስገብቶበታል። እሷ ከዚህ በፊት ፓስዎርድ አልነበራትም፤ ስለዚህ መክፈቻውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አሁን አካውንቷ ውስጥ አለች፣ ግን በሩ ላይ የሰው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ስልኳ ቢበላሽ ወይም ሎግ አውት ብትል መግባት አትችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቴሌግራም ላይ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ሁለቱም 7 ቀን የሚያስጠብቁ፣ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ውስጥ ሆናችሁ የምትሄዱበት ነው። Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification ስትገቡ ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል። አላውቀውም ትላላችሁ። ጠላፊው የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ከሆነ ኮዱ ወደዚያ እንደሚላክ ይነግራችኋል። ኢሜይሉ የእኔ አይደለም፣ መክፈት አልችልም ስትሉት Reset Password የሚል ይመጣል። ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ፓስዎርዱ ይነሳል። አንድም መልእክት አይጠፋም፤ ቻናሉም ግሩፑም እንዳለ ነው። ጥያቄውን ግን አካውንቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም መሣሪያ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ጠላፊውን መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዚያ መጠየቅ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰባቱ ቀን ከንቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ውጭ የቀረ ሰው የሚያገኘው ነው። ቁጥሩን አስገባ፣ ኮዱን በኤስኤምኤስ ተቀበለ፣ ከዚያ ፓስዎርድ ተጠየቀ። አያውቀውም። ኢሜይሉም የእሱ አይደለም። የሚቀርብለት Reset Account ነው። ይህ ፓስዎርዱን አይደለም የሚያነሳው። አካውንቱን በሙሉ ነው የሚያጠፋው። ከ7 ቀን ጥበቃ በኋላ በዚያው ቁጥር ባዶ አካውንት ይሰጣችኋል። የግል መልእክቶች፣ ኮንታክቶች፣ Saved Messages ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይሄዳል። የፈጠራችሁት ግሩፕ አይዘጋም፤ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሌሎች አድሚኖች ካሉ ሥልጣናቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ብቻችሁን የምታስተዳድሩት ቻናል ከሆነ ግን የሚለጥፍበት ሰው አይኖርም። ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው የሚነካው። «ሪሴት» የሚለውን ቃል ሲያይ ፓስዎርዱ የሚቀየር ይመስለዋል። ይህ ምርጫ እንዲህ ቀላል መስሎ መቅረቡ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ባለሱቋ ዘግይታለች እንበል። 24 ሰዓቱ አለፈ፤ ጠላፊው አስወጣት። ስልኳን ስትከፍት ቴሌግራም ቁጥር አስገቢ ይላታል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ማየት ነው። ቁጥሯን ታስገባ። ኮዱ ወደ ሌላ መሣሪያ ተልኳል ካላት በኤስኤምኤስ ላኩልኝ የሚለውን ትምረጥ። ሲሟ ከጠፋ መጀመሪያ መታወቂያ ይዛ ሄዳ ቁጥሯን ታውጣ፤ ያለ ቁጥሩ ምንም አይጀመርም። ኮዱን ካስገባች በኋላ የሚመጣው ገጽ የደረሰባትን ይነግራታል። ቻቷ ከተከፈተ ተመስገን ነው፤ ጠላፊው ፓስዎርድ አላስገባም። ፓስዎርድ ከተጠየቀች አካውንቱ አለ፣ መልእክቶቹም እዚያው ናቸው፣ ግን ተቆልፏል። ስምሽን አስገቢ ካላት ግን በዚያ ቁጥር አካውንት የለም ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ጠላፊው አካውንቱን አጥፍቶታል፣ ወይ ወደ ሌላ ስልክ ቁጥር አዛውሮታል። ልዩነቱን ለማወቅ ስሟን ሞልታ አዲስ አካውንት መክፈት አያስፈልጋትም። አንድ ጓደኛዋ የድሮውን ቻታቸውን ይክፈት። ከላይ ስሟ ሄዶ Deleted Account የሚል ከተተካ አካውንቱ ጠፍቷል። ስሟና ፎቶዋ እንዳሉ ከሆነ፣ ይባስ ብሎም ኦንላይን ሲሆን ከታየ፣ አካውንቷ በሌላ ቁጥር እየኖረ ነው። ያኔ መልእክቶቿ አልጠፉም፣ እጅዋ ላይ ግን የሉም። በዚህ ሁኔታ የሚቀረው ለቴሌግራም ድጋፍ መጻፍ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን መልስ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው።

ፓስዎርድ ከተጠየቀች ደግሞ Reset Account ከመንካቷ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቅ። አካውንቴ ክፍት ሆኖ የቀረበት ሌላ መሣሪያ አለ ወይ? የሱቁ ኮምፒውተር፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ታብሌት፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ ስልክ። ጠላፊው ሁሉንም ካላስወጣ ከአንዱ ገብታ በመጀመሪያው መንገድ መሄድ ትችላለች። ሁሉንም አስወጥቶ ቢሆን እንኳ አንድ ዕድል አለ። ከኢንተርኔት ውጭ የነበረ መሣሪያ መባረሩን ገና አልሰማም። ሰርቨሩን እስኪያገኝ ድረስ ቀድሞ የጫናቸውን መልእክቶች ያሳያል። ስለዚህ ያ አሮጌ ታብሌት ከተገኘ ዋይፋይ ከሌለበት ቦታ ክፈቱት፤ ወዲያው የበረራ ሁነታ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በሌላ ስልክ የምትፈልጉትን ቻት ፎቶ አንሱ። የሚገኘው በቅርብ የታየው ነው እንጂ የዓመታቱ ሁሉ አይደለም። ግን ዱቤ ያለበትን ሰው ዝርዝር ለማትረፍ ሊበቃ ይችላል።

ከፎቶና ፋይል አንፃር ደግሞ ስልኩ ራሱ መታየት አለበት። አንድሮይድ ላይ በቴሌግራም የወረዱ ፎቶዎች፣ ቪዲዮዎችና ሰነዶች ብዙ ጊዜ በዚህ ፎልደር ይገኛሉ።

```
Android/media/org.telegram.messenger/Telegram
```

አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ይህን ፎልደር ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ። ጽሑፍ አይኖርበትም። የደንበኞቿ ደረሰኝ ስክሪንሾቶች ግን እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ።

ጽሑፉን በተመለከተ ሌላኛው ባለቤት አለ፤ የተጻጻፋችሁት ሰው። አካውንታችሁ ቢጠፋም እሱ ጋ ያለው ቻት አይጠፋም። ስማችሁ ብቻ ነው የሚቀየረው። ደንበኛው ወይም ዘመዳችሁ ኮምፒውተር ላይ Telegram Desktop ካለው ያንን ቻት ከፍቶ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Export chat history ይበል። ፎቶውን ጨምሮ በብሮውዘር የሚከፈት ፋይል ይወጣለታል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ገና የገባ ከሆነ ቴሌግራም ለደኅንነት ሲል 24 ሰዓት ጠብቅ ሊለው ይችላል፤ በስልኩ ላይ ከፈቀደ ግን ወዲያው ይጀምራል። ውጭ አገር ካለ እህት ጋር የተጻጻፉትን የዓመታት መልእክት በዚህ መንገድ ማግኘት ይቻላል፤ ሪያድም ትሁን ዋሽንግተን። ይህ መንገድ የማይሠራው ጠላፊው መልእክቱን ለሁለቱም ወገን ከሰረዘው ነው። ቴሌግራም ከ2019 ጀምሮ የግል ቻት ውስጥ ያለን ማንኛውንም መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይፈቅዳል። ያ ከተደረገ የለም ማለት የለም ነው።

የቻናል ፖስት ነገር ትንሽ ይሻላል። ጠላፊው ፖስቶችን ቢሰርዝ Recent Actions የሚባለው መዝገብ ያለፉትን 48 ሰዓታት ድርጊቶች ለአድሚኖች ያሳያል። የተሰረዘው ፖስት ራሱ እዚያ ይነበባል። ሁለት ቀን ካለፈው ግን አይገኝም፤ ስለዚህ አካውንቱ እንደተመለሰ መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ነው። ሌላ አድሚን ካላችሁ እናንተ እስክትገቡ ሳይጠብቅ እሱ ይየው። ስለ ቻናሉ ባለቤትነት ደግሞ ጠላፊው ላይ የተጣለ ሌላ ገደብ አለ። ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስዎርዱ ከገባ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። ባለሱቋ ከዚህ በፊት ፓስዎርድ ስላልነበራት ጠላፊው ዛሬ አስገብቶ ዛሬ ቻናሏን መውሰድ አይችልም። አድሚን መጨመር ግን ይችላል። ስለዚህ ስትመለስ የአድሚኖቹን ዝርዝር ታጣራ፤ የማታውቀው ስም ካለ ታስወጣ።

አንዳንዱ ደግሞ አካውንቱን አስመልሶ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ጠላፊው ለመቶ ሰው ሊንክ ስለበተነ ቴሌግራም አካውንቱን ያግደዋል። አካውንቱ የቀዘቀዘ ከሆነ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ይግባኝ የሚጠየቀው @SpamBot በሚባለው የቴሌግራም ቦት ነው። የጊዜ ገደብ ይሰጣል፤ ካለፈ አካውንቱ ይጠፋል። ማንበብ በሚቻልበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ቻቶች ቅዱ። ይግባኙ ቢሳካም ባይሳካም የቀዳችሁት ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ መሃል «ሃክ የተደረገ አካውንት እመልሳለሁ፣ የጠፋ ሜሴጅ አወጣለሁ» የሚሉ ሰዎች በየኮሜንቱ ይመጣሉ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃሉ። ሰርቨር ላይ የተሰረዘን መልእክት ማውጣት የሚችል የውጭ ሰው የለም። ኮዱን የሰጣችሁት ሰው ደግሞ ሁለተኛው ጠላፊ ነው።

ያለ ጠላፊም የሚጠፋ አለ። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን አካውንት ራሱ ያጠፋዋል። ካልቀየራችሁት ገደቡ 18 ወር ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ እስከ 24 ወር ማራዘም ይቻላል። ከአገር የወጣ ሰው ላይ ግን ከዚህ የባሰው የሲም ጉዳይ ነው። ሰው በኢትዮጵያ ቁጥሩ የከፈተውን ቴሌግራም ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ይጠቀማል። ሲሙ ካርድ ሳይሞላበት ይቆይና ይዘጋል፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል። ፓስዎርድ ከሌለ የእናንተን ቻት በሙሉ ያያል። ፓስዎርድ ካለ ደግሞ Reset Account ይነካል፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን የራሱ ቁጥር ስለሆነ ነው። መፍትሔው ስልኩ ላይ ክፍት እያለ Settings ውስጥ ቁጥሩን ነክቶ Change Number ማለት ነው። ቻቱ፣ ግሩፑ፣ ቻናሉ ሁሉ ወደ አዲሱ ቁጥር ይዛወራል። ከአካውንቱ ከወጣችሁና የድሮው ቁጥር እጃችሁ ላይ ከሌለ ግን ይህ በር ዝግ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ Export የተደረገውን ፋይል ወደ ቴሌግራም መልሶ መጫን አይቻልም። ከዋትስአፕ የወጣ ቻት ቴሌግራም ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ከራሱ ከቴሌግራም የወጣው ግን ኮምፒውተር ላይ ይነበባል እንጂ አዲሱ አካውንት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ባለሱቋ ከደንበኞቿ የሰበሰበችው ሁሉ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የዱቤውን ዝርዝር ከዚያ አንብባ ደብተር ላይ ትጽፋለች።